ጣሳው ፍሪጅ ላይ ቀረ

የእህቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ የተመለሰ ዕለት ማታ ደወለልኝ። ለአባቱ እናት ተዝካር «ሦስት ቀን ቆይቼ እመጣለሁ» ብሎ ሄዶ፣ ዘመድ ለዘመድ እየተቀባበለው 12 ቀን ከርሞ ነው የመጣው። ስለ ተዝካሩ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ አለቀልኝ! ክሪያቲኑን ረስቼው ሄጄ 12 ቀን ሙሉ አልወሰድኩም።»

ጣሳው ፍሪጁ ላይ ቀርቶ ነው። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፤ ብረት መሥራት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ክሪያቲን የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ሲሆን፣ ያኔ ክብደቱ 70 ኪሎ ነበር። በጂም ልጆች አጠራር «ሎዲንግ» የሚባለውን አድርጓል፤ ማለትም የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 20 ግራም ለአራት ከፍሎ ወስዷል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ 5 ግራም ይወስዳል። ከመሄዱ በፊት 72 ኪሎ ደርሶ ነበር። ተመልሶ ሚዛን ላይ ሲወጣ 70.4 አገኘ። ጂም ሄዶ ቤንች ላይ ሲተኛ ደግሞ ስምንት ጊዜ ይገፋው የነበረውን 80 ኪሎ ስድስተኛው ላይ ሰው መጥቶ አነሳለት።

«አሁን እንደ አዲስ ሎዲንግ ልጀምር፣ ወይስ ያለፈውን እጥፍ እየወሰድኩ ልተካ?»

ነገ ጠዋት የተለመደችውን 5 ግራም ውሰድና ሥራህን ሥራ አልኩት። አላመነኝም። ጣሳው ውድ ነው፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የሚያስልከው፤ በዚያ ላይ የጂም ጓደኞቹ «በሦስት ቀን ታጥቦ ይወጣል» ብለውታል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራነው።

ከሥሩ እንጀምር። ቡና የለመደ ሰው ጠዋት ቡናው ከቀረበት ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል። ክሪያቲን እንዲህ አይደለም፤ የዛሬው 5 ግራም ለዛሬ የሚሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚሠራው ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ከባድ ብረት ስናነሳ፣ ወይም ሊሄድ የተነሳ ታክሲ ላይ ለመድረስ ስንሮጥ፣ ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች የሚያቃጥላት እጅግ ትንሽ የኃይል ክምችት አለችው። እሷን ወዲያው ወዲያው መልሶ የሚሞላት ፎስፌት ተሸክሞ ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠው ክሪያቲን ነው። ክምችቱ ከፍ ሲል ሰባተኛው ላይ የሚቆም ሰው ስምንተኛዋን ይገፋል። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ተአምር የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ሻጭ መሆኑን ጠርጥሩ።

ግቢው ውስጥ ሮቶ ያስቀመጠ የአዲስ አበባ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ የሚመጣው በላይ ፈስሶ ይሄዳል። መስመሩ ሲጠፋ ቤቱ በዚያው ቀን አይደርቅም፤ ሮቶው ቀስ እያለ ይጎድላል። የጡንቻ ሮቶ ደግሞ አንድ የተለየ ጠባይ አለው፦ ቧንቧ ከፈትክም አልከፈትክም፣ ብረት ሠራህም ተኛህም፣ በቀን ከመቶ ሁለት የማትሞላ፣ 1.7 ያህል ታንጠባጥባለች። ይህች የምትንጠባጠበው ክሪያቲን ተለውጣ ክሪያቲኒን የሚባል ሌላ ነገር ትሆንና በኩላሊት አልፋ በሽንት ትወጣለች።

70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በሰውነቱ ውስጥ በድምሩ ወደ 120 ግራም ክሪያቲን ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ 95 በመቶው ያለው ጡንቻው ውስጥ ነው። በቀን ወደ 2 ግራም ይንጠባጠባል። ግማሹን፣ ማለትም 1 ግራም ያህሉን፣ ሰውነት ራሱ በጉበትና በኩላሊት ሠርቶ ይተካል። ቀሪው 1 ግራም ሥጋና ዓሣ ከሚበላ ሰው ምግብ ይገኛል። ዱቄቱን የሚወስድ ሰው ይህን ሮቶ ከወትሮው ደረጃ በላይ፣ በአማካይ በ20 በመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ በእህቴ ልጅ ሒሳብ 120 የነበረው ወደ 145 ግራም ይደርሳል። ከዚያ በላይ ጡንቻ አይቀበልም፣ ትርፉ በሽንት ይሄዳል። እንግዲህ ልጁ «አለቀልኝ» ያለው በእነዚህ 25 ግራሞች ላይ ነው። 120ዎቹ የራሱ ናቸው፤ ጣሳው ቢጠፋም አይጠፉም።

ዋናው ጥያቄ 25ቱ ግራም በስንት ቀን ያልቃል የሚለው ነው። ይህ የጂም ወሬ ሆኖ የቀረ ነገር አይደለም፤ ተለክቷል። በ1996 ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ስዊድናዊ የጡንቻ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 31 ወንዶችን አስተባብረው አጠኑት። ከጭን ጡንቻ በመርፌ ቁራጭ እየወሰዱ ውስጡ ያለውን ክሪያቲን ለኩ። በቀን 20 ግራም ለ6 ቀን የወሰዱት ሰዎች ጡንቻ በ20 በመቶ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ በቀን 2 ግራም ብቻ የቀጠሉት ያንኑ ከፍታ ይዘው ወር ቆዩ። ጭራሽ ያቆሙት ግን ቀስ በቀስ እየወረዱ ሄደው፣ ባቆሙ በ30ኛው ቀን ከመጀመሪያው መጠን የማይለይ ደረጃ ላይ ተገኙ። ልብ በሉ፤ በሦስት ቀን አይደለም፣ በሠላሳ ቀን ነው።

አንድ ሌላ ቡድን ደግሞ ሎዲንግ ሳያደርግ በቀን 3 ግራም ብቻ ለ28 ቀን ወሰደ፤ እሱም ዘግይቶ ያው ከፍታ ላይ ደረሰ። ሎዲንግ የሚገዛው ጊዜን ብቻ ነው። መድረሻው አንድ ነው፣ በአውሮፕላንም ሂድ በአውቶቡስ።

አሁን የልጁን 12 ቀን እናስላ። 25 ግራም በ30 ቀን የሚጎድል ከሆነ በቀን ከ1 ግራም ትንሽ ያነሰ ነው፤ በ12 ቀን ወደ 10 ግራም ይሆናል። ነገር ግን የእሱ ጉዳይ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፤ ከምግብ የሚገኘው 1 ግራም በሹሮና በምስር አይተካም፣ ምክንያቱም ክሪያቲን እህልና ጥራጥሬ ውስጥ የለም። ሰውነትም ዱቄት ሲመጣለት የራሱን ማምረቻ ቀነስ አድርጎ ስለነበር፣ አቅርቦቱ ሲቋረጥ መልሶ እስኪያነቃው ትንሽ ይፈጅበታል። ስለዚህ ክፉውን አስበን እንቁጠር፦ ከ145 ግራም በቀን 2.5 ግራም ያህል ቢንጠባጠብና ከራሱ ምርት ከ1 ግራም ያነሰ ብቻ ቢገባለት፣ በ12 ቀን የጎደለው 20 ግራም አካባቢ ነው። እውነቱ በ10ና በ20 መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ እኛ 15 ብለን ያዝነው። ከ25ቱ ትርፍ 10 ግራም ቀርቶታል ማለት ነው። ሮቶው ጎድሏል እንጂ ወደ ድሮው ደረጃ አልወረደም።

15 ግራም ለመሙላት ምን ያስፈልጋል? በየቀኑ 5 ግራም ቢወስድ፣ ከመንጠባጠቡ የሚተርፈው በቀን ሁለት ሦስት ግራም ጎዶሎውን ይሞላል። ሮቶው ወደ አፉ ሲቃረብ ጡንቻ የመቀበል ፍላጎቱ ስለሚቀንስ የመጨረሻዋ ትንሽ ትዘገያለች። ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ ውጪ የሚደረግ ነገር የለም።

እሱ እንዳሰበው እንደገና ሎዲንግ ቢገባስ? በቀን 20 ግራም ለ5 ቀን 100 ግራም ነው። ጣሳው 300 ግራም ስለሆነ ሢሶው በአምስት ቀን ሄደ ማለት ነው። ከ100ው 15ቱ ጎዶሎውን ይሞላሉ፣ ሌላ 12 ግራም ያህል በአምስቱ ቀን ለሚንጠባጠበው ይተካል። የቀረው ከ70 ግራም በላይ የት ይገባል? ሽንት ቤት። ይህን ስነግረው ነው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለው። የጣሳውን ዋጋ በልቡ ሲያካፍል ይታወቀኝ ነበር።

«ያለፈውን በእጥፍ» የሚለውም ከዚሁ አይሻልም። ክሪያቲን ዕዳ አይደለም፤ ያለፈው 12 ቀን 60 ግራም ነበር ተብሎ የሚከፈል ውዝፍ የለም፣ ምክንያቱም ከ60ው ውስጥ አብዛኛው ድሮም ቢሆን በሽንት ይወጣ የነበረ ትርፍ ነው። በአንድ ጊዜ 10 ግራምና ከዚያ በላይ የጠጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆዱ ይነግረዋል፦ መንፋት፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ዱቄቱ አንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ስለሚቀር ነው። አንድ ቀን የረሳ ሰው በማግስቱ የዕለቱን መጠን ብቻ ይውሰድ። ሁለት ቀንም፣ ሳምንትም ቢሆን ያው ነው።

ልጁ ግን ሚዛኑን አነሳብኝ። «ታዲያ 1.6 ኪሎ የት ሄደ?» ደኅና ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸበረውም በዚህ ነው። ክሪያቲን ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ውኃ ይስባል፤ ሎዲንግ ላይ ያለ ሰው በሳምንት ውስጥ አንድ ኪሎ ገደማ የሚጨምረው ሥጋ አውጥቶ አይደለም። ክምችቱ ሲጎድል ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ከጎደለው ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህሉን ለዚህ እንስጠው። የቀረውስ? ከጾሙ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ እየዋለ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ እየተንገላታ፣ ድንኳን ሲተክልና ውኃ ሲቀዳ ከርሟል። በትንሽ ምግብ የቆየ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው የስኳር ክምችትና አብሮት ያለው ውኃ ይቀንሳል፣ አንጀቱም ባዶ ይሆናል። ይህ በሁለት ሦስት ቀን መደበኛ ምግብ ይመለሳል። መለያው ቀላል ነው፦ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ኪሎና ከዚያ በላይ ከወረደ የክሪያቲን ሥራ አይደለም፤ ክሪያቲን በዚያ ፍጥነት አይወጣም።

ቤንቹም እንደዚያው ነው። ክሪያቲን የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ግፊት ነው፤ ክምችቱ በከፊል ሲጎድል የምትቀረው ከዚያው ከፍሎ ነው። ልጁ ግን 12 ቀን ብረት አልነካም፣ መደብ ላይ ተኝቷል፣ የተመለሰ ዕለት ሌሊቱን በቅጡ ሳይተኛ ነው ጂም የገባው። ስድስተኛው ላይ መቆሙ የሚገርም አይደለም። እኔ እንደውም ስድስት መድረሱ ገርሞኛል። ጡንቻው ራሱ፣ ማለትም ዓመት ሙሉ የገነባው ሥጋ፣ በ12 ቀን ተነቅሎ አይሄድም፤ ክሪያቲንም ስለቆመ አይቀልጥም።

ስለ ጾም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የጡንቻ ክምችታቸው ከሚበሉት ዝቅ ያለ ነው። ቁርጥ የሚወዱ ሰዎች «እኛ ዱቄት አያስፈልገንም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ትንሽ እውነት አለው፣ ሮቶው ድሮም ወደ አፉ የቀረበ ሰው በዱቄት ብዙ ለውጥ አያይም። ነገር ግን 1 ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፣ ሲበስል ደግሞ ይቀንሳል። በቀን 5 ግራም ከሥጋ ላግኝ የሚል ሰው ከኪሎ በላይ ጥሬ ሥጋ ይቆረጥለት ማለት ነው፤ ይህን ሆዱም ኪሱም አይችሉትም። በጾም ወራት ዱቄቱን ያቋረጠ ሰው ግን ሁለቱም በሮች ስለሚዘጉበት ጎዶሎው ከፍ ይላል። ዱቄቱ ራሱ ከሥጋ አይወጣም፤ ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል የሚሠራ ነው። እንክብሉ ግን ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚወጣ ጄላቲን ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ የሚጾም ሰው ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እኔ ጋ የለም።

ለመንገድ የሚሆነው መላ ደግሞ እንዲህ ነው። የ12 ቀን ድርሻ 60 ግራም ብቻ ነው፤ ጣሳውን መሸከም አያስፈልግም፣ የቅመም ዕቃ ውስጥ ይገባል። መለኪያ ማንኪያውን አብሮ መጣል አይርሳ። የእህቴ ልጅ «በውኃ በጥብጬ በትልቅ ላስቲክ ይዤ ብሄድስ?» ብሎኝ ነበር። ይህ አይሆንም። ደረቁ ዱቄት ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ እርጥበት ነክቶት ቢጓጉል እንኳ ሰባብሮ መጠቀም ይቻላል። ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ቀስ በቀስ ወደ ክሪያቲኒን ይለወጣል፤ ለሰዓታት ምንም አይልም፣ ለቀናት ሲቀመጥ ግን ከሚጠጣው ከፊሉ ጥቅም የሌለው ነገር ይሆናል። ነጭ ዱቄት በፌስታል ቋጥሮ ፍተሻ ላይ የሚያስረዳውን ሰው ደግሞ እዘንለታለሁ፤ ስሙ የተጻፈበትን ዕቃ መያዝ ይሻላል።

ከወር በላይ ያቋረጠ ሰው ጉዳይ ብቻ ይለያል። ሮቶው ወደ ድሮው ደረጃ ወርዷል፤ እንደ አዲስ ጀማሪ ነው። እሱም ቢሆን የግድ ሎዲንግ አይገባም። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም እየወሰደ አራት ሳምንት ቢጠብቅ ይሞላለታል። ውድድር ደርሶበት በሳምንት ውስጥ መሙላት የፈለገ ሰው 20 ግራሙን ለአራት ከፍሎ፣ ከምግብ ጋር፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይውሰድ፤ ሆዱን ከረበሸው ይተወው። ማቋረጡ ራሱ ያመጣው ጉዳትም የለም፤ ሰውነት የቀነሰውን የራሱን ምርት መልሶ ይቀጥላል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አንድ ማንኪያም አይጀምር፣ አቋርጦም ከሆነ አይመለስ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባም እንዲሁ ትጠይቅ። ጤነኛውም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ። ላቦራቶሪ ኩላሊትን ለመመርመር የሚለካው ያንኑ የሚንጠባጠበውን ክሪያቲኒን ነው፤ ሁለቱ ስሞች የሚለዩት በአንድ «ኒ» ነው። ዱቄቱን የሚወስድ ሰው ውጤቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ ኩላሊቱ ደኅና ሆኖ ሳለ። ሐኪሙ ካልተነገረው በከንቱ ይደነግጣል፣ ታካሚውንም ያስደነግጣል። እንዲያውም ለምርመራ የታዘዘ ሰው ዱቄቱን ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ ዳግም ይለካ ሊባል ይችላል። እስከ አሁን እንዳየነው ያ ዕረፍት የሚያስከፍለው፣ ከዚያ በኋላ በ5 ግራም ቀስ ብሎ የሚሞላ ጎዶሎ ብቻ ነው።

ልጁ ሎዲንጉን ተወው። በየጠዋቱ 5 ግራም፣ ከቁርሱ ወይም በጾም ቀን ከመጀመሪያው ምግቡ ጋር። በአራተኛው ቀን ሚዛኑ 71.3 አሳየው፤ ያ ምግቡና እንቅልፉ ነው አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ አጭር መልእክት ላከልኝ፦ «80፣ ስምንት ጊዜ»። ከሥሩ ፎቶ ነበረ፤ ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ሊይዘው ያዘጋጀው ትንሽ የበርበሬ ዕቃ፣ ታጥቦ ደርቆ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ክሪያቲን፣ ጨው አይደለም» ተጽፎበት።